«ይቆየን» ማለት «ይቅር» ማለት አይደለም

በቤተ ሰብ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ሁለት የሥጋ ዘመዶች ቃል መወራወር ሲጀምሩ፣ ከዳር ሆኖ የሚያነበው ሦስተኛው ሰው አስቀድሞ ራሱን የሚጠይቀው «ጥፋተኛው ማን ነው?» ብሎ ነው። ከዚህም ጥያቄ የተነሣ ሦስት ዓይነት ሰው ይወለዳል፤ ጥፋተኛውን ያወቀ የመሰለው ይፈርዳል፣ ሁለቱም ያጠፉ የመሰለው ይገሥጻል፣ ለመፍረድም ለመገሠጽም ያልደፈረው ደግሞ ስልኩን ደፍቶ ዝም ይላል። እኔ ግን በዚህ በጣና ዳርቻ ከተማችን ልጆቻቸውና ወንድሞቻቸው በአዲስ አበባ፣ በጅዳና በዋሽንግተን የተበተኑባቸው ብዙ ቤተ ሰቦች በዚህ ነገር ሲቸገሩ አይቼ የደረስሁበት አሳብ፣ ሦስቱም የሚሳሳቱት በመልሳቸው ሳይሆን በጥያቄያቸው መሆኑን ነው። በዚያች ሰዓት የሚፈለገው ዳኛ አይደለምና፤ የሚፈለገው ገላጋይ ነው፤ የገላጋይም ሥራ የነገሩን ሥር መመርመር ሳይሆን፣ የተነሣው እጅ ከመውረዱ በፊት መያዝ ነው። ይህንንም አራት አጫጭር ዐረፍተ ነገር ያላት አንዲት መልእክት ልትፈጽመው ትችላለች፤ ነገር ግን በውስጧ ፍርድም ተግሣጽም ያልገባባት እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ገላጋይ፣ አስታራቂ፣ ዳኛ

አባቶቻችን ጠብን የሚያበርደውን ሰው ሁሉ በአንድ ስም አልጠሩም፤ ሦስት ስም ለሦስት ሥራ ሰጥተዋል። ገላጋይ ማለት ተያይዘው የቆሙትን የሚያላቅቅ ነው፤ አስታራቂ ወይም ሽማግሌ ማለት ቂሙ እንዲወጣና ካሣው እንዲታወቅ ሁለቱን በአንድ ስፍራ የሚያስቀምጥ ነው፤ ዳኛ ማለት ደግሞ ይህ ይገባል፣ ይህ አይገባም ብሎ የሚቆርጥ ነው። ይህም ልዩነት የልማድ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወገኖችን ለማገናኘትና ለማስማማት የሚመረጠውን ሰው በአንድ በኩል፣ የዘመድ ዳኛ ተብሎ ነገሩን አይቶ የሚፈርደውን ሰው በሌላ በኩል ለይቶ ደንግጎላቸዋል። የገላጋዩን ግን ሕጉ ሳይጽፈው ሕዝቡ ያውቀዋል፤ ሥራውን ትቶ የዳኛውን ዱላ ያነሣውንም ገላጋይ መስሎ ደብዳቢ እያለ ሲነቅፈው ኖሯል።

የገላጋይነት ቃል እጅግ ጥርት ብሎ የሚታየው «በሕግ አምላክ» በሚለው በጥንቱ ጥሪ ነው። ዛሬ በዕድሜ የገፉ ሰዎች እንደሚያስታውሱት፣ በመንገድ ወይም በገበያ የተጣሉ ሰዎች ይህ ቃል ሲጠራባቸው፣ ባለ ጉዳዩ ራሱ ቢጠራውም፣ ባሉበት መቆም ነበረባቸው፤ የንጉሡን ስም ጨምረው «በምኒልክ አምላክ» የሚሉም ነበሩ። ከዚያም ልብሳቸው ከልብሳቸው ተቆራኝቶ ወደ ዳኛ ይሄዱ፣ ወይም መንገደኛውን በዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠው ነገራቸውን ያሰሙት ነበር። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚህ ጥሪ ውስጥ «አንተ አጠፋህ» የሚል የለም፤ «ሁለታችሁም ነውረኞች ናችሁ» የሚልም የለም፤ «ነገሩ ከንቱ ነው፣ ተዉት» የሚልም የለም። ጥሪው የሚፈጽመው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ጠቡን ባለበት ያቆማል፣ ነገሩንም የሚሰማበትን ሌላ ስፍራ ያመለክታል። የቤተ ሰብ ቡድን መልእክትም ከዚህ የበለጠ እንዲሠራ ሊታዘዝ አይገባውም፤ ከዚህ ካነሰም ሥራውን አልሠራም።

በአንዲት የጥቅምት ሌሊት

የማንንም ቤት ገመና ላለመግለጥ፣ ከብዙ ቤት የሚሰማውን አንድ አድርጌ እንደሚከተለው አቀርበዋለሁ። አባት አርፎ በዘጌ ተቀብሯል፤ አርባው ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ታላቂቱ እኅት በባሕር ዳር ሆና ድግሱን ታሰናዳለች፤ ታናሽ ወንድም በዋሽንግተን ሆኖ ገንዘብ ልኳል፤ መካከለኛው ወንድም በአዲስ አበባ ይኖራል፤ የአክስትና የአጎት ልጆችም በቡድኑ ውስጥ አሉ። በባሕር ዳር ከሌሊቱ 4 ሰዓት ሲሆን፣ እኅት ከድካሟ ሳታርፍ የበሬውን፣ የጤፉን፣ የጌሾውንና የድንኳኑን ዋጋ የጻፈችበትን ወረቀት ፎቶግራፍ አንሥታ ትልካለች። በዋሽንግተን ያን ጊዜ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ወንድም በሥራ መካከል ሆኖ ያየውና «የላክሁት ብር ምን ላይ ዋለ?» ብሎ ይጽፋል።

ይህች ዐረፍተ ነገር በአንደበት ብትነገር ኖሮ ድምፁ ትርጓሜዋን በሰጣት ነበር፤ ለማወቅ የሚጠይቅ ሰው ዜማና ለመክሰስ የሚጠይቅ ሰው ዜማ ለየቅል ነውና። በጽሕፈት ስትመጣ ግን ዜማዋን የሚሰጣት አንባቢዋ ነው፤ ሌሊት የደከመ አንባቢ ደግሞ የሚሰጣት ዜማ የክስ ዜማ ነው። ስለዚህ እኅት «ሌባ ነሽ ልትለኝ ነው?» ስትል መለሰች። እርሱም ከልጅነቱ ጀምሮ «እትዬ፣ እርስዎ» እያለ የሚጠራትን እኅቱን «እኔ እንደዚያ አላልሁም፤ አንቺ ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ» አላት። እርሷም «አባባ ሲታመም የት ነበርህ?» አለች። ወዲያው ከአክስት ልጆች አንዷ በእኅት ቃል ላይ የልብ ምልክት አኖረች፤ ሌላው ዘመድ ደግሞ «ኧረ ተዉ፣ ነውር ነው!» ብሎ ጻፈ።

ጠቡ ገላጋይ የሚያሻው ሰዓት ላይ መድረሱ የሚታወቅባቸው ምልክቶች በእነዚህ ጥቂት መስመሮች ውስጥ ተሟልተው ይታያሉ። የመጀመሪያው ነገሩ ከብሩ ወደ ሰውየው መዞሩ ነው፤ «ሁልጊዜ» የምትለው ቃል ስትገባ ክርክሩ ስለ አንድ ሥራ መሆኑ ቀርቶ ስለ አንድ ሰው ጠባይ ሆኗል። ሁለተኛው የአማርኛችን ልዩ ምልክት ነው፤ «እርስዎ» ወደ «አንቺ» ሲወርድ፣ ወይም በተቃራኒው በ«አንተ» የሚጠራሩ ወንድማማቾች በድንገት እየቀዘቀዙ «እርስዎ» መባባል ሲጀምሩ፣ ከቃሉ ትርጉም ይልቅ ማዕርጉ ይናገራል። ሦስተኛው ያለፈው ቁስል መነካቱ ነው፤ የሕመሙ ወራት ከተነሣ በኋላ በሬውና ድንኳኑ ከነገሩ ወጥተዋል። ከእነዚህ ምልክቶች በፊት የሚገባ ገላጋይ ተገቢውን ክርክር ያፍናል፤ ወንድማማች ስለ ገንዘብ ቢጠያየቅ ጠብ አይደለምና። ሦስቱም ከተፈጸሙ በኋላ ብዙ ዘግይቶ የሚገባው ደግሞ ለማላቀቅ ሳይሆን ለማልቀስ ይደርሳል።

መልእክቲቱ ቃል በቃል ስትመዘን

መካከለኛው ወንድም የጻፋት መልእክት ይህች ናት። «የአባታችን ነገር ሆኖ ሁላችንንም ከብዶናል። በጽሑፍ ከሚሆን በድምፅ ብንነጋገርበት ይሻላል። ነገ በባሕር ዳር ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በዋሽንግተን ከቀኑ 7 ሰዓት (በፈረንጅ 1 ሰዓት) እኔ እደውላለሁ። እስከዚያ እዚህ ላይ ይቆየን።»

ወደዚህች ግን በአንድ ጊዜ አልደረሰም፤ ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ አጥፍቷል፤ ያጠፋቸውም ከጻፋት ያላነሰ ያስተምራሉ። የመጀመሪያው «የአባታችን አፈር ሳይደርቅ እንዲህ መሆን አይገባም» የሚል ነበር፤ ይህ ሙታንን ምስክር አድርጎ የሚገሥጽ ነው፤ የተገሠጸም ሰው ከተጣላው ሰው ጋር በነበረው ክርክር ላይ ከገሣጩ ጋር ሌላ ክርክር ይጨምራል። ሁለተኛው «እትዬ እንደ ደከመች እናውቃለን፣ አንተም ከሩቅ እንዳሰብህልን እናውቃለን» የሚል ነበር፤ ይህ ለሁለቱ እኩል ምስጋና ያካፈለ ይመስላል፤ ነገር ግን የተቈጣ ሰው የምስጋናን ድርሻ በወርቅ ሚዛን ይመዝናል፤ ማን ቀድሞ ተጠራ፣ ለማን ረጅም ቃል ተሰጠ እያለ ይቈጥራል። ሦስተኛው «የወጪውን ደብተር ይዤ እቀርባለሁ» የሚል ነበር፤ ይህም ለቅንነት የተጻፈ ሆኖ ሳለ፣ እኅት ሒሳብ ማቅረብ እንደሚገባት አስቀድሞ የፈረደ ነው።

በጸናችው መልእክት ግን ምን እንዳለና ምን እንደሌለ እንመልከት። «ከብዶናል» የሚለው ግሥ ጸሐፊውንም ጨምሮ ሁሉን ያቅፋል፤ ያከበደውን ሰው ግን አይጠራም፤ የከበደው ነገሩ ነው። «አቁሙ» ቢል ትእዛዝ በሆነ ነበር፤ «ይሻላል» በማለቱ ግን አሳቡን አቀረበ እንጂ አላዘዘም። «እኔ እደውላለሁ» ሲል ሸክሙን ራሱ ተሸከመ፤ ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ ይደውል ቢባል ኖሮ ቀድሞ የደወለው እንደ ተሸነፈ ይቈጠር ነበርና። ሰዓቱን በሁለቱ አገር፣ በእኛም በፈረንጅም አቈጣጠር መጻፉ ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም፤ «በ2 ሰዓት» ብቻ የተባለ ቀጠሮ አንዱን ስድስት ሰዓት ሊያሳስተው ይችላል፤ በዚያ ላይ በጥቅምት 7 ሰዓት የሆነው የሁለቱ ከተሞች ልዩነት በዋሽንግተን የብርድ ወራት 8 ይሆናል፤ የተሳሳተ ቀጠሮም በተቈጣ ሰው ዘንድ ስሕተት ሳይሆን ንቀት ነው።

የመልእክቲቱ ልብ ግን የመጨረሻዋ ቃል ናት። «ይቆየን» እንጂ «ይቅር» አላለም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ብዙዎች የማያስተውሉት ነው። «ይቅር» ማለት ነገሩ አያስፈልግም ማለት ነው፤ ይህም ሰላማዊ ቃል መስሎ ሳለ ጥያቄ ያለውን ሰው ያለ ፍርድ ይረታዋል፤ ነገሩ ሲቀር የሚጠቀመው ነገሩ እንዳይነሣ የሚፈልገው ወገን ብቻ ነውና። «ይቆየን» ግን የጠያቂውንም ጥያቄ የተጠያቂዋንም ቅሬታ በክብር አስቀምጦ ቀን ይሰጠዋል። አድልዎ የሌለበት ቃል ማለት ምንም የማይል ቃል ማለት ሳይሆን፣ የማንንም መብት የማይቀንስ ቃል ማለት መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ከቃሉ ውጭም አድልዎ የሚገባባቸው በሮች አሉ። መልእክቲቱ ለአንዱ ቃል መልስ ሆና ከዚያ ቃል ሥር ብትንጠለጠል፣ ያንን ሰው በጣት እንደ መጠቈም ነው፤ ስለዚህ ለብቻዋ ትቁም። ጸሐፊዋ በአንዱ መልእክት ላይ የልብ ወይም የአውራ ጣት ምልክት አኑሮ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚጽፈው ሁሉ የወገንተኛ ቃል ነውና ምልክቱን አንሥቶ ይጻፍ፣ ወይም ለሌላ ይተው። እንዲሁም ለሁለቱ ለየብቻቸው የተለያየ ማባበያ ከመጻፍ ይጠበቅ፤ የስልኩ ገጽ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በቡድኑ ውስጥ የወጣ ዕለት፣ ገላጋዩ ሁለት ምላስ ያለው ሆኖ ይገኛል።

የሚቃወሙ ሰዎች የሚሉት

ከሁሉ አስቀድሞ የዝምታ ወዳጆች አሉ። ነገሩ ካልተራገበ ይከስማል፤ ሦስተኛ ሰው በገባ ቍጥር እሳቱ ይሰፋል ይላሉ። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ «ነውር ነው» ብሎ የገባው ዘመድ እሳቱን አስፍቶታልና። ነገር ግን በቤት ውስጥ የነበረው ዝምታና በቡድን ውስጥ ያለው ዝምታ አንድ አይደለም። ጥቂት አባላት ባሉት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ቃሉን እነማን እንዳነበቡት ላኪው ማየት ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ከባሕር ዳር መልስ ያልመጣለት ዘመድ ምክንያቱን ያውቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ዐሥር ሰው አንብቦ ዐሥሩም ዝም ሲሉ፣ እኅት ዐሥር ሰው ሌባ ናት ብሎ እንዳመነ ትቈጥረዋለች፤ ወንድምም ዐሥሩ በእርሱ ላይ እንዳደሙ ያስባል። የሚታይ ዝምታ ራሱ ወገን ይዟል።

ሁለተኛዎቹ የእውነት ወዳጆች ናቸው፤ እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር የሚለውን ብሂል ይዘው፣ በበዳይና በተበዳይ መካከል መካከለኛ መሆን በደል ነው ይላሉ። ይህን ክርክር ከሁሉ ይልቅ አከብረዋለሁ፤ የምመልሰውም እውነት አይነገር ብዬ ሳይሆን፣ እውነት የሚነገርበት ሥርዓት አለ ብዬ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የተሠራው ሥርዓት ወንድምህ ቢበድልህ አስቀድመህ ብቻህን ከእርሱ ጋር ሆነህ፣ ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ይዘህ፣ ይህንም ባይሰማ ለማኅበር እንድትነግር የሚያዝዝ ነው። የቤተ ሰብ ቡድን ግን ይህን ሥርዓት ከመጨረሻው ይጀምረዋል፤ የመጀመሪያው ወቀሳ በማኅበር ፊት ይነገራል፤ በማኅበር ፊት የተወቀሰም ሰው ጥፋቱን ቢያውቀው እንኳ ለማመን ፊት ያጣል። የገላጋይ መልእክት እውነትን አትሽርም፤ ነገሩን ከማኅበሩ ፊት አንሥታ ሊሰማ ወደሚችልበት ወደ ቀደመው ደረጃ ትመልሰዋለች።

ሦስተኛዎቹ የተግሣጽ ወዳጆች ናቸው፤ ታላቅ ሰው ካልተቈጣ ታናናሾች አይፈሩም ይላሉ። ታላቅ አባት በአዳራሹ ተቀምጦ በነበረበት ጊዜ ተግሣጹ ይሠራ የነበረው ከቍጣው በኋላ ፊቱን የሚያዩና ወዲያውም በአንድ ገበታ የሚቀርቡ ስለ ነበሩ ነው። በጽሑፍ የመጣ ተግሣጽ ግን ገበታ የለውም፤ ሲነጋም በዚያው ተጽፎ ይነበባል። አንዳንዶችም የቡድኑ አስተዳዳሪ ቡድኑን ዘግቶ ማንም እንዳይጽፍ ያድርግ፣ ወይም አባላት ከአንድ መልእክት በኋላ እስከ አንድ ሰዓት እንዲጠብቁ የሚያስገድደውን የቴሌግራም ሥርዓት ይጠቀም ይላሉ። ይህ ለሰፈርና ለእድር ቡድን ሊበጅ ይችላል፤ በቤተ ሰብ ግን አስተዳዳሪው ራሱ ልጅ ወይም ወንድም ነውና፣ አፍ መዝጋቱ የመጨረሻውን ቃል ለተናገረው እንደ ማድላት ይቈጠርበታል።

የመልእክቲቱ ወሰን

በማግሥቱ መካከለኛው ወንድም በተባለው ሰዓት ደወለ። የብሩ ነገር ረጅም ጊዜ አልወሰደም፤ እኅት አንድ በአንድ ነገረችው፣ እርሱም ሰማ። የአባት ሕመም ነገር ግን በስልክ አላለቀም፤ ሊያልቅም አይችልም ነበር፤ የገላጋይ ሳይሆን የሽማግሌ ሥራ ነውና ከአርባው በኋላ በንስሐ አባታቸው ፊት እንዲታይ ተቀጠረ። መልእክቲቱ ያስታረቀች የሚመስለው ሰው ይህን ልብ ይበል፤ አላስታረቀችም፤ የእርቁ ቀን እስኪደርስ ድረስ የማይመለስ ቃል እንዳይወጣ አደረገች እንጂ። ስለዚህ ደግሞ ቀጠሮው ሳይፈጸም ከቀረ ከዝምታም ትከፋለች፤ «ይቆየን» ተብሎ ያልተመለሱበት ነገር «ይቅር» እንደ ተባለ ነውና፣ በሚቀጥለው ጠብ ያችን ቃል የሚሰማት የለም። ጥንት «በሕግ አምላክ» የሚለውን ቃል ያስከበረው ከኋላው ዳኛ መኖሩ ነበር፤ የእኛንም መልእክት የሚያስከብራት ከኋላዋ የተጠበቀ ቀጠሮ መኖሩ ነው።

መካከለኛ መሆን የማይገባበት ጊዜም አለ። አንዱ ሌላውን በእጁ እንደሚጐዳው ሲዝት፣ ጠንካራው ደካማውን በገንዘብ ወይም በመጠለያ ሲያስፈራራ፣ ወይም ስድቡ የአንዱን ትውልድ ወይም ሃይማኖት የሚያዋርድ ሲሆን፣ በዚያ ስፍራ የሁለት ሰዎች ጠብ ሳይሆን የአንድ ሰው በደል አለ። ያን ጊዜ «ሁላችንንም ከብዶናል» ማለት በደሉን ለሁሉ ማካፈል ይሆናል፤ የሚገባውም የተበደለውን ከአደጋ ማራቅ፣ በዳዩንም በግልጥ «ይህ አይሆንም» ማለት ነው። ገላጋይ ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ አለ፤ ሁለቱም ነገ በአንድ ስልክ ላይ ያለ ፍርሃት መነጋገር ይችላሉን? የሚችሉ እንደ ሆነ ይቆያቸው ዘንድ ይጻፍላቸው፤ አንዱ የሚፈራ እንደ ሆነ ግን አስቀድሞ ወደሚፈራው ይደወል።

ስለዚህ የምደርስበት ፍርድ ይህ ነው። በቤተ ሰብ ቡድን የተነሣ ጠብ በብዙ ቤት የሚባባሰው ዳኛ ስላጣ አይደለም፤ ዳኛ ስለ በዛበት ነው። በአርባው ዕለት ያች እኅት በዘጌ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር አጠገብ ቆማ፣ ለዋሽንግተኑ ወንድሟ ጸሎቱን በስልክ ስታሰማው፣ የሕመሙ ወራት ነገር ገና አልተፈታም ነበር፤ ቅሬታው በሁለቱም ልብ እንዳለ ነው። እርሱ ግን ስልኩን አንሥቶ «እትዬ፣ ይሰማኛል፤ እርስዎ ትንሽ ወደ መቅደሱ ይጠጉ» አላት።